ሐይቁ የት አለ?

እናቴ ቦርሳዋን በሩ ሥር አስቀምጣ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ጥቂት ቆየችና «ልጄ፣ ሐይቁ የት አለ?» አለችኝ። ከመስኮቱ ማዶ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ያልተለሰነ የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ከግንቡ ሥር የጄነሬተር ቤት አለ። ሐይቁ በሕንፃው ሌላ ወገን ነበር።

ሐዋሳ የሄድነው በጥር ወር፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለአራት ሌሊት ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በየቀኑ እስከ ሐይቁ ዳር መውረድ አትችልም። ስለዚህ ክፍሉን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን እንድታይ። ማስታወቂያው «ዴሉክስ ሌክ ቪው» ይላል። ፎቶው ላይ አንድ ሰፊ አልጋ፣ በረንዳና ከበረንዳው ባሻገር ሐይቁ ይታያል። የተሰጠን ግን ወደ ጓሮ የሚያይ፣ በረንዳ የሌለውና ሁለት ጠባብ አልጋዎች የተገጣጠሙበት ክፍል ነው። ማታ ላይ ደግሞ ሙቅ ውሃው እንደማይሠራ አወቅን።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እንግዳ መቀበያው ላይ ጮሆ ተበሳጭቶ ይተኛል፣ ወይ ዝም ብሎ ቆይቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ያማርራል። ከገንዘቡ ላይ ግን በሁለቱም መንገድ የሚመለስለት ጥቂት ነው። እኔ በዚያ ጉዞ አንዱን ጉድለት በትክክለኛው ጊዜ ተናገርኩ፣ ሌላውን አልተናገርኩም። የተመለሰልኝ ገንዘብም በዚያው ልክ ሆነ። ስለዚህ ነገሩን ከነሒሳቡ እነግራችኋለሁ።

ሻንጣችንን ሳንፈታ ወደ እንግዳ መቀበያው ተመለስኩ። ተረኛዋ ልጅ በትሕትና ነው ያነጋገረችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ በሐይቁ በኩል ያሉት ክፍሎች በሙሉ ለሠርግ እንግዶች ተይዘዋል» አለችኝ። ይህ መልስ የነገሩን ምንጭ ያሳያል። ሆቴሎች፣ ቀርቶ የሚሸፈንላቸው ሰው እንደሚኖር አስበው ከአንድ ዓይነት ክፍል ካላቸው በላይ ይሸጣሉ። በሠርግ ወቅት ደግሞ ሃያ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚይዝ ደንበኛ ሲመጣ፣ አንድ ክፍል ብቻ የያዘው ሰው ወደ ጓሮ ይገፋል። ልጅቷ በዚህ ውስጥ አልነበረችበትም፤ ክፍል የመቀየርም ዋጋ የመቀነስም ሥልጣን የላትም። እሷ ላይ መጮህ ግፍ ነው፤ ደግሞም ምስክሬ የምትሆነው እሷው ነበረች።

ሦስት ነገር ጠየቅኋት። አንደኛ፣ ዛሬ ባይቻል ነገ የሐይቅ ክፍል ይለቀቅ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ሙቅ ውሃውን የሚያይ ሰው እንዲላክልን። ሦስተኛ፣ ቅሬታዬ በተረኞች መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ እንዲጻፍ። ጻፈችው፤ ሁለት መስመር ነው፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 1፡40 ይላል። በፈቃዷ መዝገቡን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ወደ ክፍሌ ስመለስ ደግሞ ቦታ ስይዝ ወደተጻጻፍንበት የሆቴሉ ስልክ ያንኑ በአጭር መልእክት ላክሁ፦ የክፍሉ ቁጥር ይህ ነው፣ የተያዘልኝ ዴሉክስ ሌክ ቪው ነበር፣ የተሰጠኝ የጓሮ ክፍል ነው፣ ሙቅ ውሃ የለውም፣ እንድትቀይሩልኝ ወይም ልዩነቱን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ያን ጊዜ ይህን ያደረግሁት በደመ ነፍስ ነው። ሕጉ የሚጠይቀውም ይህንኑ እንደሆነ በኋላ ያስረዳኝ ጠበቃ የሆነው የአክስቴ ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1771 እንደሚለው፣ ተዋዋዩ የገባውን ግዴታ ባልፈጸመ ጊዜ ሌላው ወገን እንዲፈጸምለት ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት፣ በዚያም ላይ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ መጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1772 ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ጠያቂው በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ቁጥር 1773 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፈጻሚው ግዴታውን እንዲፈጽም መፈለግን በሚያሳይ በሌላ ማናቸውም አድራጎት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጉድለቱን ያልሰማ ሆቴል ሊያስተካክለው አይችልም፣ ለማስተካከል ዕድል ያላገኘ ደግሞ «ብትነግሩን እናስተካክል ነበር» ብሎ ይከራከራል። የተረኞቹ መዝገብና ያቺ አጭር መልእክት ይህን ክርክር አስቀድመው ዘግተውታል።

በዚያው ሌሊት ማስረጃውንም ሰበሰብሁ። አንድ ሰው ጉድለት ሲያይ የሚያነሳው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይጠቅምም። የግንብ ፎቶ ብቻውን የየትም ግንብ ሊሆን ይችላል። የሚጠቅመው ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ነው። ከኮሪደሩ ይጀምራል፣ በሩ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ያሳያል፣ በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አልጋዎቹን ያያል፣ መጋረጃው ተገልጦ ግንቡ ይታያል፣ በመጨረሻ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሲፈስ ይቆያል። የእኔው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ከቪዲዮው ይበልጥ የሚረሳው ግን ማስታወቂያው ራሱ ነው። ማስታወቂያ በማንኛውም ሰዓት ሊለወጥ ይችላል፤ ቅሬታ በቀረበ በሳምንቱ «ሌክ ቪው» የሚለው ቃል ጠፍቶ ቢገኝ ምን ታሳያላችሁ? ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የክፍሉን ስም፣ ፎቶውን፣ ዋጋውንና ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን በስልካችሁ ስክሪንሾት አንሱት። ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡት፣ ምክንያቱም ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ሌክ ቪው» ማለት ከክፍሉ ሐይቁ ይታያል ማለት ነው። «ሌክ ሳይድ» ግን ሆቴሉ ሐይቅ ዳር ነው ከማለት አያልፍም። «ፓርሻል ቪው» ከተባለ ደግሞ አንገትን አጥፎ የሚታይ ቁራጭ ውሃም ይበቃቸዋል። ክፍሉ ከፎቶው ይልቅ ጠባብ ነው የሚለውን ቅሬታ ማስረዳት ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ይለጥጣል፤ ክቡ መብራት ሞላላ ይሆናል፣ አልጋው ከቁመቱ በላይ ይረዝማል። ይህን ካያችሁ የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቁጥር ከሌለ ስለ ጥበቱ የሚቀርበው ቅሬታ የዓይን ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ቴክኒሻን መጥቶ ማሞቂያውን ጠገነው። የሐይቅ ክፍል ግን እስከ ሰኞ አልተለቀቀም። ቅዳሜና እሁድ ማታ ደግሞ ከእኛ ክፍል በታች ባለው አዳራሽ ሠርግ ነበር፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘለቀ። እናቴ «የሰው ደስታ ነው፣ ተይው» አለችኝ፤ እኔም ተውኩት። ወደ እንግዳ መቀበያው አልደወልኩም፣ መልእክትም አልላክሁም። ይህን ያዙልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ልንዘጋ ስንወርድ ሥራ አስኪያጁ አልገባም ነበር። ግማሹን ገንዘብ፣ 10,120 ብር፣ ቦታ ስይዝ በቴሌብር ልኬ ነበር። የቀረውን ግማሽ ያን ጠዋት መክፈል አለብኝ። በእጅ ያለ ያልተከፈለ ገንዘብ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ ያስደምጣል። ስለዚህ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ ብዬ እመክራለሁ። ቅናሹ ሒሳቡ ላይ የሚቀመጥበት ምቹ ጊዜም ያው ነው፤ ደረሰኙ ከማሽን ከወጣ በኋላ ታክሱን ጭምር መልሶ ማስተካከል ስለሚያስፈልግ ነገሩ ብዙ እጅ ያልፋል። ሆኖም ገንዘብ ተቀባዩ መቀነስ እንደማይችል ነገረኝ፣ መኪናችንም ደርሷል። ከፈልኩ። ግን በሆቴሉ በሚቀረው የሒሳብ ቅጂ ላይ ከፊርማዬ በላይ «የክፍል ለውጥን በተመለከተ ያቀረብኩት ቅሬታ እንደተጠበቀ ሆኖ ከፍያለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ እሱንም ፎቶ አነሳሁ። እንዲህ ያለ ቃል ሳይጻፍ ከተፈረመ፣ ፊርማው ራሱ «በሒሳቡ ተስማምተው ነበር» የሚል መከራከሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ብዙ ሰው «የተወሰነ ገንዘብ ይመለስልኝ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ልክ ስለሌለው ሆቴሉ ልኩን ራሱ ይወስናል፤ ያም የአንድ እራት ግብዣ ወይም «በሚቀጥለው ሲመጡ ቅናሽ እናደርጋለን» የሚል ተስፋ ይሆናል። ስለዚህ ልኩን እናንተ ከነምክንያቱ አስቀምጡት።

የተያዘልኝ ክፍል ዋጋ ለአንድ ሌሊት 4,000 ብር ነበር። በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 4,400፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 5,060 ብር ይሆናል። የአራት ሌሊቱ 20,240 ብር ነው። በዚያው ማስታወቂያ ላይ የጓሮው «ስታንዳርድ» ክፍል 3,000 ብር ተብሏል፤ ከአገልግሎትና ከታክስ ጋር 3,795 ብር። ስለዚህ የተሸጠልኝና የተሰጠኝ ክፍል ልዩነት በሌሊት 1,265፣ በአራት ሌሊት 5,060 ብር ነው። ይህን ቁጥር ያወጣሁት ከራሱ ከሆቴሉ የዋጋ ዝርዝር እንጂ ከንዴቴ አይደለም፤ ሆቴሉም ሊክደው አይችልም። ሁሌም ታክስና አገልግሎት የተጨመረበትን ዋጋ ያዙ፤ 1,000 ብር ብቻ ልዩነት ብጠይቅ ኖሮ በየሌሊቱ 265 ብር በከንቱ ይቀርብኝ ነበር።

በረንዳውንና ሰፊውን አልጋ ለብቻ አላስከፈልሁም። ሁለቱም የዴሉክስ ክፍሉ አካል ስለሆኑ በልዩነቱ ውስጥ ተቆጥረዋል። አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ ማስላት እውነተኛውንም ጥያቄ ያስጠረጥራል። የሙቅ ውሃ መጥፋትና የሌሊት ጩኸት ግን በጓሮው ክፍል ዋጋ እንኳ የማይጠበቁ ጉድለቶች ስለሆኑ ለየብቻ ይታያሉ። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ የአንድ ሌሊት ሙቅ ውሃ ዋጋው ስንት ነው?

ለዚህ ከጀርመን የመጣ አንድ መለኪያ አገኘሁ። የፍራንክፈርት አውራጃ ፍርድ ቤት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ሠንጠረዥ አለ፤ «የፍራንክፈርት ሠንጠረዥ» ይባላል። የተዘጋጀው በጥቅል ለተሸጡ የሽርሽር ጉዞዎች ሲሆን፣ ለየጉድለቱ ከዕለቱ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሚቀነስ ይዘረዝራል። ቃል የተገባ የባሕር እይታ ሲጠፋ ከ5 እስከ 10፣ በረንዳ ሲጠፋ እንዲሁ ከ5 እስከ 10፣ ሙቅ ውሃ ሲጠፋ 15፣ የሌሊት ጩኸት ሲኖር ከ10 እስከ 40 በመቶ ይላል። ሌሎች የጀርመን ፍርድ ቤቶችን እንኳ አያስገድድም፤ በኢትዮጵያማ ምንም የሕግ ኃይል የለውም። ግን ዳኞች ምን ያህሉን ተመጣጣኝ ብለው እንዳሰቡ ያሳያል፤ ጠያቂውን ከማነስም ከመጋነንም ይጠብቀዋል። የእይታው መቶኛ ትንሽ መሆኑንም ልብ በሉ። የእኔ የዋጋ ልዩነት 25 በመቶ ስለነበር በሠንጠረዡ ብሄድ እጎዳ ነበር። ሆቴሉ ራሱ የሁለቱን ክፍሎች ዋጋ ለይቶ ካስቀመጠ ከዚያ የተሻለ መለኪያ የለም፤ መቶኛ የሚፈለገው ዋጋ ለሌለው ጉድለት ነው።

መቶኛውን ያሰላሁት ከ3,795 ብሩ ነው፣ ምክንያቱም የዴሉክሱን ብልጫ አስቀድሜ ቀንሻለሁ። ለሐሙስ ሌሊት ሙቅ ውሃ 15 በመቶ፣ 569 ብር። ለቅዳሜና ለእሁድ ጩኸት በየሌሊቱ 20 በመቶ፣ ማለትም 759፣ በጠቅላላው 1,518 ብር። ሁሉም ሲደመር 7,147 ብር ሆነ።

ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ በገባሁ ማግሥት ጻፍሁ። ከአንድ ገጽ አላለፈም፤ ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለአራት ሌሊት ዴሉክስ ሌክ ቪው ክፍል ይዤ 20,240 ብር ከፍያለሁ። የተሰጠኝ ወደ ጓሮ የሚያይ፣ በረንዳ የሌለው ክፍል ነው። ይህንኑና የሙቅ ውሃውን መጥፋት በደረስሁበት ምሽት 1፡40 ለተረኛዋ አሳውቄ በመዝገብ ተጽፏል፤ በዚያው ምሽትም በስልክ መልእክት ልኬያለሁ። ሙቅ ውሃው በማግሥቱ ተጠግኖልኛል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ክፍሉ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀየረም። ስለሆነም ከዚህ በታች በተሰላው መሠረት 7,147 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ቪዲዮውን፣ የመዝገቡን ፎቶና ደረሰኙን አያይዣለሁ። መልሳችሁን እስከ አሥር ቀን እጠብቃለሁ።»

«አጭበርብራችሁኛል» የሚል ቃል አላስገባሁም። ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት ከባድ ነው፤ የተሸጠውና የተሰጠው የተለያዩ መሆናቸውን ማሳየት ግን ይበቃል። ያስተካከሉትን ጉድለት በቅንነት መጥቀስም ተገቢ ነው፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ጸሐፊው ሐቁን እንዳልሸፋፈነ ያያል።

ሆቴሉ ፈቃደኛ ባይሆን ኖሮ የሚቀጥለው ደረጃ ንግድ ቢሮ ነበር። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የንግድ ማስታወቂያንም ይከለክላል። ለአቤቱታው የሚያስፈልገው ያው ደብዳቤና ያያዛችኋቸው ማስረጃዎች ናቸው።

ከውጭ አገር በካርድ የከፈሉ ሰዎች ሌላ በርም አላቸው። አሜሪካ ያለች እህት ለአባቷ ባሕር ዳር ክፍል ይዛ በቪዛ ካርድ ብትከፍል፣ አገልግሎቱ እንደተገለጸው ሳይሆን ሲቀር ካርዱን በሰጣት ባንክ በኩል ክፍያውን መቃወም ትችላለች። የቪዛ ደንብ ለዚህ በጥቅሉ 120 ቀን ይሰጣል። ባንኩ ግን በመጀመሪያ ከሆቴሉ ጋር ለመስማማት መሞከሯን ይጠይቃታል። አባቷም ክፍሉን ስለተጠቀመበት ሙሉውን ብትጠይቅ ልትረታ ትችላለች፤ መጠየቅ ያለባት ልዩነቱን ነው። ቅሬታውን ያቀረበችው ባለካርዷ፣ ክፍሉን ያየው ደግሞ አባትየው ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ምሽት ቪዲዮውን ማንሳትና ለተረኛው መንገር የእሱ ሥራ ይሆናል። ይህን ከመነሣቱ በፊት ልትነግረው ይገባል። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ለከፈለ ሰው ግን እንዲህ ያለ መመለሻ በር የለም። ቀብድ ብቻ ክፈሉ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሰባተኛው ቀን ደወለልኝ። መጀመሪያ ለሁለት ሰው የሁለት ሌሊት ነጻ ማረፊያ ሊሰጠኝ ፈለገ። አመስግኜ፣ እናቴ መንገዱ እንደሚከብዳትና በቅርቡ እንደማንመለስ ነገርሁት። ከዚያ ሒሳቡን መስመር በመስመር አብረን አየነው። የክፍሉን ልዩነት፣ 5,060 ብሩን፣ ሳይከራከር ተቀበለ። የሙቅ ውሃውን 569 ብርም ተቀበለ፤ በመዝገባቸው ላይ ተጽፎ አይቶታል። ጩኸቱ ላይ ስንደርስ ግን «ለማን ነገሩ?» አለኝ።

ለማንም አልነገርኩም። «ደውለው ቢሆን ኖሮ ሙዚቃውን እናስቀንስ ነበር፤ ካልሆነም ከላይኛው ፎቅ ክፍል እንፈልግልዎ ነበር» አለኝ። ያስቀንሱ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሠርግ ነው። ግን እንዲያስቀንሱ ስላልጠየቅኋቸው አይደለም ልለው አልቻልሁም። ሁለት ሌሊት እናቴ ዓይኗን ሳትከድን ያደረችበት ጩኸት እውነት ነበር፣ እሱም አልካደውም፤ ያላገኘሁት ሐሙስ ማታ ያስጻፍኋትን ዓይነት ሁለት መስመር ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን 5,629 ብር በቴሌብር ገባልኝ። 1,518 ብሩ እዚያው ቀረ።